ከሪሴት በኋላ ምን ይመለሳል?

ኢንተርኔት ሲያስቸግር ከጎረቤትም ከባልደረባም መጀመሪያ የሚመጣው ምክር «ራውተሩን ሪሴት አድርገው» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መካሪው ሊል የፈለገው አጥፍተህ አብራው ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አጥፍቶ ማብራት ውስጡ የተሞላውን አይነካም። ሪሴት ግን ራውተሩን ከፋብሪካ ወደወጣበት ሁኔታ ይመልሰዋል፤ የዋይፋዩ ስም፣ የይለፍ ቃሉ፣ የአገልግሎት ሰጪው መግቢያ ስምና ቁልፍ፣ ለፕሪንተሩ የተያዘው አድራሻ፣ ሁሉም ይጠፋል። የጠፋውን ሳይለቅሙ መመለስ የሚቻለው ቀደም ሲል የተቀመጠ ባክአፕ ካለ ብቻ ነው።

አንድ ፎቶኮፒ ቤት እንውሰድ። በየሱቁ የሚታየው ቲፒ-ሊንክ 841 ራውተር አለው። ሥራው ሁሉ በደህና በሚሄድበት ጊዜ ባለቤቱ በኮምፒዩተሩ ብራውዘር 192.168.0.1 ብሎ ገባ፤ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር System Tools፣ ከዚያ Backup & Restore ከፈተ፤ Backup የሚለውን ሲጫን config.bin የተባለ ትንሽ ፋይል ወረደለት። ፋይሉን ቀኑን ጽፎበት ፍላሽ ላይ አስቀመጠ። የይለፍ ቃሎቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ ስላሉ ፋይሉን በቴሌግራም ግሩፕ መላክ የቤት ቁልፍ አባዝቶ እንደማደል ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ሠራተኛ ማስተካከያ ሲነካካ የራውተሩን አድራሻ ቀየረና ቁጥሩን ረሳው። አሁን የመግቢያ ገጹ አይከፈትም። ገጹ ቢከፈት ኖሮ ባክአፑን በቀጥታ መጫን በቂ ነበር፤ ሪሴት የሚታሰበው እንዲህ በሩ ሲዘጋ ነው።

ባለቤቱ በመጀመሪያ በሰማያዊው ቀዳዳ የገባውን የኢንተርኔት ኬብል ነቀለ። ራውተሩ እንደበራ፣ ከኋላ ያለውን የሪሴት ቁልፍ መብራቶቹ እስኪለዋወጡ ድረስ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫነ። ራውተሩ ጠፍቶ ሳለ ቢጫኑት ምንም አይሆንም፤ ቶሎ ከለቀቁትም ሪሴት አያደርግም። ራውተሩ ተነሥቶ ሲረጋጋ ኮምፒዩተሩን በኬብል ከአንዱ ቢጫ ቀዳዳ ጋር አገናኘ። ይህን በዋይፋይ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል። እንደገና 192.168.0.1 ብሎ፣ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው የፋብሪካ ስምና ቁልፍ ገባ፤ እዚያው Backup & Restore ገጽ ላይ config.bin ፋይሉን መርጦ Restore ተጫነ።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ሲነሣ ግን የድሮ ስሙን ይዞ ነው። በዋይፋይ የተገናኘ ሰው ግንኙነቱ ይቋረጥበትና «አልሠራም» ብሎ እንደገና ሪሴት ያደርጋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ፋይሉ እየተጫነ ሳለ ሶኬቱን ይነቅላል። መቋረጡ እንዲያውም መልካም ምልክት ነው። ባክአፑ ሲወሰድ የራውተሩ አድራሻ ሌላ ከነበረ ደግሞ ገጹ ከዚህ በኋላ የሚከፈተው በዚያ አድራሻ ነው። ስልኮቹ የይለፍ ቃል ሳይጠይቁ በራሳቸው ከተገናኙና ፕሪንተሩ ካተመ ሥራው አልቋል፤ የኢንተርኔቱ ኬብልም ይመለሳል።

ባክአፕ ግን መልካሙን ብቻ መርጦ አይመልስም። የራውተሩን መግቢያ ቃል ስለረሱ ሪሴት ካደረጉና የድሮውን ፋይል ከጫኑ፣ የረሱት ቃል አብሮ ይመለስና በሩ እንደገና ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን ያለው መንገድ ማስተካከያውን በእጅ እንደ አዲስ መሙላት ነው። ሰርጎ ገብ የነካው ራውተርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ የቤትና የቢሮ ራውተሮችን ያጠቃው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር አጥፍቶ በማብራት ብቻ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር፤ ሥሩን ለመንቀል የፋብሪካ ሪሴት ያስፈልግ ነበር። ሰርጎ ገቦች አዘውትረው የሚቀይሩት ደግሞ የዲኤንኤስ ቁጥሮችን ነው። ባክአፑ የተወሰደው ቁጥሮቹ ከተቀየሩ በኋላ ከሆነ፣ የባንክዎን አድራሻ ሲጽፉ ወደ ሐሰተኛ ገጽ የሚወስደው ማስተካከያ በራስዎ እጅ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከተመለሰ በኋላ የዲኤንኤሱን ቦታ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ራስዎ ያልሞሉት፣ አገልግሎት ሰጪውም ያልሰጠው ቁጥር ካለ ያንን ፋይል ይጣሉት።

ፋይሉ ለሌላ ሞዴል አይሠራም፤ የራውተሩ ሶፍትዌር ከታደሰ በኋላም አሮጌውን ፋይል አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማደስ በኋላ አዲስ ባክአፕ መውሰድ ይገባል። አገልግሎት ሰጪው ያስገባው የፋይበር መሣሪያ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በውስጡ ደንበኛው የማያያቸው የመስመሩ ማስተካከያዎች ስላሉ፣ ሪሴት ከተደረገ ቴክኒሻን እስኪመጣ ድረስ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ እሱን ከመንካት በፊት ለድርጅቱ መደወል ነው።