ሦስት ሰው፣ አራት ወር፣ አንድ ጨዋታ፦ የንድፍ ሰነድ ለትንሽ ቡድን

የጨዋታ ንድፍ ሰነድ አንድ የቪዲዮ ጌም ምን እንደሚመስል፣ ተጫዋቹ ምን እንደሚሠራበት፣ ምን እንደሚኖረውና ምን እንደማይኖረው ተጽፎ የሚቀመጥበት ጽሑፍ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በሚሠሩበት ኩባንያ ሰነዱ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ የማይተዋወቁ ክፍሎች የሚግባቡት በእሱ ነውና። ሦስት ወይም አራት ሰው ባለበት ቡድን ግን ሰነዱ ሁለት ጥያቄ ከመለሰ ይበቃል። ሁሉም በልቡ የያዘው አንድ ጨዋታ ነው ወይ? ባለው ጊዜስ ያልቃል ወይ? የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው ከአንድ ገጹ ማቅረቢያ ነው። ሁለተኛውን የሚሰጠው የይዘት ወሰን ሲሆን፣ ብዙ ጨዋታ ሳይጠናቀቅ የሚቀረው ይህ ክፍል ስለሚዘለል ነው።

ረጅም ሰነድ በራሱ ዋስትና አይሆንም። በ1992 መጨረሻ በቴክሳስ ይሠራ የነበረው አይዲ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ ቡድን ዱም የተሰኘውን ጨዋታ ሲጀምር፣ ንድፍ አውጪው ቶም ሆል “ዱም ባይብል” ተብሎ የሚታወቀውን ሰነድ ጻፈ። ሰነዱ ገጸ ባሕርያት ነበሩት፣ ታሪክ ነበረው፣ ቦታዎቹም በዝርዝር ተገልጸዋል። የቡድኑ ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ግን ጨዋታው ያን ያህል ታሪክ ያስፈልገዋል ብሎ አላመነም። ከሰነዱ አብዛኛው ቀረ፣ ሆል በ1993 ቡድኑን ለቀቀ፣ ጨዋታውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወጣ። የሰነዱ ችግር በደንብ አለመጻፉ አልነበረም። የቡድኑ አባላት ዝርዝሩ ከመጻፉ በፊት በጨዋታው ምንነት ላይ አልተስማሙም ነበር። ይህን ስምምነት የሚፈትነው ከዝርዝሩ የሚቀድመው አንዱ ገጽ ነው።

ይህ ገጽ ለገንዘብ ሰጪ ብቻ የሚዘጋጅ የሽያጭ ወረቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። በመጀመሪያ የሚጠቅመው ለራሱ ለቡድኑ ነው። በ1994 ኮንዶር የተባለ ትንሽ ድርጅት ዲያብሎ የሚባል ጨዋታ ለመሥራት ጥቂት ገጾች ያሉት ማቅረቢያ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ጨዋታው በተራ የሚካሄድ ነበር፤ አንዱ ተንቀሳቅሶ ሲያበቃ ሌላው ይንቀሳቀሳል። በ1996 መጨረሻ የወጣው ጨዋታ ግን ተራ የማይጠበቅበት፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ሆነ። ያም ሆኖ የማቅረቢያው እምብርት፣ በየጨዋታው አዲስ ሆኖ የሚፈጠር የምድር ውስጥ መተላለፊያ፣ እስከ መጨረሻው ጸንቷል። ጥሩ ማቅረቢያ ማለት ይህ ነው፤ የማይነካውን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ሌላው ግን እንደ አስፈላጊነቱ ሊለወጥ ይችላል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ፕሮግራመር፣ አንድ ሠዓሊ፣ እንዲሁም የጨዋታውን ሕግና ድምፅ የሚያዘጋጅ አንድ ንድፍ አውጪ ያሉት ቡድን ገበጣን ለስልክ ሊሠራ አሰበ እንበል። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ እጅግ ብዙ ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ስለዚህ ቡድኑ “ገበጣ እንሥራ” ሲል ምን እንደሚሠራ ገና አልወሰነም። አንዱ አያቱ ያስተማሩትን ሁለት ረድፍ ያለውን ሲያስብ ሌላው ሦስት ረድፍ ያለውን ሊያስብ ይችላል፤ ልዩነቱም ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የሚገለጠው።

የዚህ ቡድን ማቅረቢያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፦ “ሁለት ረድፍና አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ያለ ኢንተርኔት በስልክ የሚጫወቱት፤ ጨዋታውን በልጅነታቸው ለሚያውቁና ተጋጣሚ ላጡ አዋቂዎች።” ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ወስኗል። ረድፉና የጉድጓዱ ብዛት ታውቋል። “አምስት ደቂቃ” የጠጠሩን ብዛትና የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ይገድባል። “ያለ ኢንተርኔት” የሚለው ሰርቨርን ከነጣጣው ያስወጣል። “ተጋጣሚ ላጡ” ማለት ደግሞ በኮምፒውተሩ በኩል የሚጫወተው ተጋጣሚ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን የጨዋታው ልብ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በታች ተጫዋቹ ደጋግሞ የሚያደርገው ነገር ይጻፋል፦ ጉድጓድ ይመርጣል፣ ጠጠሩን ያድላል፣ ምን እንደበላ ያያል፣ የተጋጣሚውን እርምጃ ይጠብቃል። ይህ ዑደት ብቻውን፣ ያለ ሽልማትና ያለ ታሪክ ደስ ካላሰኘ የሚጨመረው ነገር አያድነውም። ስለዚህ ቡድኑ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ በእንጨት ገበጣ ወይም በወረቀት ላይ ክብ ሥሎ ሕጉን መጫወትና ሰዓት መያዝ አለበት። ጨዋታው በአማካይ አሥራ አምስት ደቂቃ ከፈጀ ወይ የጠጠሩ ብዛት ይቀነሳል፣ ወይ “አምስት ደቂቃ” የሚለው ከገጹ ይሰረዛል። የገጹ ቀሪ ክፍል በየትኛው ስልክ ላይ እንደሚሠራ፣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው በስንት ጊዜ እንደሚሠራው ይናገራል። በመጨረሻ “የማይኖረው” የሚል ክፍል አለ፦ የኢንተርኔት ውድድር የለም፣ የተጫዋች ምዝገባ የለም፣ ሌላ የገበጣ ዓይነት የለም። ይህን ክፍል መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚነበበው እሱ ነው።

አንዱ ገጽ ከጸደቀ በኋላ ዝርዝሩ ይከተላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከአሥር ገጽ ብዙም ማለፍ የለበትም። የዝርዝሩ መለኪያ ፕሮግራመሩ አንብቦ ሳይጠይቅ መሥራት መቻሉ ነው። “ኮምፒውተሩ ጎበዝ ተጋጣሚ ይሁን” የሚል ዓረፍተ ነገር ምኞት ነው። “በቀላሉ ደረጃ ኮምፒውተሩ አንድ እርምጃ ብቻ አስቀድሞ ያያል፤ በከባዱ አራት እርምጃ ያያል፤ በሁለቱም ከአንድ ሰከንድ በላይ አያስጠብቅም” የሚለው ግን ሊሠራና ሊፈተን ይችላል።

ሕጉ ሲጻፍ የሚያዳልጠው፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጫወት በንግግር የሚፈታው ነገር ነው። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ብትወድቅ ተጫዋቹ ያንን አንስቶ ይቀጥላል ወይስ ተራው ያበቃል? ባለተራው በረድፉ ምንም ጠጠር ባይኖረውስ? “አንስቶ ይቀጥላል” ከተባለ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል፤ እንዲህ ባሉ ሕጎች አልፎ አልፎ ዙሩ ማለቂያ ያጣል። በደጅ ሲጫወቱ ሰዎቹ ይስቁና ይተዉታል፤ ስልኩ ግን ጠጠር ሲያዞር ይኖራል። ሰነዱ “ከሃምሳ ጉድጓድ በኋላ ተራው ያልፋል” የሚል አንድ መስመር ካልያዘ ስህተቱ የሚገኘው ጨዋታውን ባወረደ ሰው እጅ ነው። በጨዋታ መሐል ስልክ ሲደወል ምን እንደሚሆንም እንዲሁ መጻፍ አለበት።

አሁን ወሰኑ ይመጣል፤ ወሰን ደግሞ ሂሳብ ነው። ሦስቱ ሰዎች በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን፣ ለአሥራ ስድስት ሳምንት ይሠራሉ እንበል። ድምሩ 144 የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ለሙከራ፣ ስህተት ለማረም፣ ለመታመምና ጨዋታውን በስልክ መደብር ላይ ለማውጣት ይያዛል። የቀረው 100 ቀን ገደማ ነው።

ቡድኑ የሚፈልገውን ሁሉ ይጽፍና በእያንዳንዱ ፊት ቀን ያስቀምጣል። ሰሌዳውና ሕጉ 12 ቀን፣ የጠጠሩ እንቅስቃሴና ድምፅ 10፣ የኮምፒውተሩ ተጋጣሚ 15፣ ጀማሪን የሚያስተምረው ክፍል 8፣ ማውጫውና ያቋረጡትን ማስቀመጫው 12፣ በአንድ ስልክ ሁለት ሰው መጫወቻው 4፣ የተለያየ መልክ ያላቸው ሦስት ሰሌዳዎች 12። ድምሩ 73 ይሆናል። 27 ቀን ተረፈ፤ “እንግዲያው የኢንተርኔት ውድድር እንጨምር” የሚለው ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ግን የተሳሳተ ሂሳብ ነው። የቀኑ ድምር ማን እንደሚሠራው አይናገርም። የፕሮግራመሩ ድርሻ 48 ቀን ነው፤ ለሙከራ የተያዘው ሲነሳ 34 ገደማ ይቀረዋል። ከላይ ካሉት ሥራዎች የእሱን ብቻ ብንለይ ሕጉ 8፣ እንቅስቃሴው 4፣ ተጋጣሚው 10፣ ማስተማሪያው 4፣ ማውጫው 6፣ የሁለት ሰው መጫወቻው 2፤ ድምሩ 34 ነው። ፕሮግራመሩ ሞልቷል። የተረፉት 27 ቀናት የሠዓሊውና የንድፍ አውጪው ናቸው፤ አንድ ተጨማሪ ሰሌዳ ሊሣልባቸው፣ ድምፁ ሊሻሻልባቸው፣ ጨዋታው በሌሎች ሰዎች ሊሞከርባቸው ይችላል። ሰርቨር ግን አይገነባባቸውም። ስለዚህ በወሰን ሠንጠረዥ ላይ ከጠቅላላው ቀን ጎን የእያንዳንዱ ሰው ቀን በየራሱ ዓምድ መቀመጥ አለበት።

የኢንተርኔት ውድድር ለዚህ ቡድን የማይሆነው ሌላም ምክንያት አለው። በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ቢመስልም ተከታዮቹ ብዙ ናቸው፦ የተቋረጠ ግንኙነት፣ ሊሸነፍ ሲል የሚወጣ ተጫዋች፣ ማጭበርበር፣ በየወሩ የሚከፈል የሰርቨር ኪራይ፣ ሌሊት ሌሊት ተጋጣሚ ማጣት። አንድ ነገር ወደ ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት “ከዚህ ጋር ምን ምን ይመጣል?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከተቆጠረ በኋላ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ይቀመጣል። ያለ እነሱ ጨዋታው ጨዋታ የማይሆንባቸው ከላይ ይሆናሉ፤ በገበጣው ምሳሌ ሰሌዳው፣ ሕጉ፣ እንቅስቃሴውና የኮምፒውተሩ ተጋጣሚ ናቸው። ቀጥሎ ጨዋታው ለሕዝብ እንዲወጣ የሚያስፈልጉት ይገባሉ። ቢቀሩ ማንም የማያጣቸው ከታች ይደረጋሉ። ሥራውም በዚሁ ተራ ይሄዳል፤ ጊዜ ሲያጥር የሚቆረጠው ከታች ነውና። ብዙ ቡድኖች በተቃራኒው ማውጫውንና የመክፈቻ ሥዕሉን ቀድመው ሠርተው በአራተኛው ወር ተጋጣሚ የሌለው ውብ ሰሌዳ ይዘው ይቀራሉ።

ግምቱ መሳሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የታቀደውና የተሠራው ይነጻጸራል። በ12 ቀን ያልቃል የተባለው ሰሌዳና ሕግ 18 ቀን ከፈጀ የቀሩት ሥራዎችም በአንድ ተኩል እጥፍ ይባዛሉ፤ “ከዚህ በኋላ እንፈጥናለን” በሚል ተስፋ አይታለፉም። በሌላ በኩል በመሐል አዲስ ሐሳብ ሲመጣ በዚያው ሰው ዓምድ ውስጥ ያለ እኩያው ሥራ ወጥቶ ይተካል፤ ሳይወጣ የሚገባ የለም። የወጣውም ሆነ የተሰረዘው ከነቀኑና ከነምክንያቱ በሰነዱ መጨረሻ ይመዘገባል፤ ካልተመዘገበ በሚቀጥለው ወር ያው ክርክር እንደገና ይነሳል።

ሰነዱን የሚያሻሽለው አንድ ሰው መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ንድፍ አውጪው ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ሕግና ስልኩ ላይ የሚሠራው ሕግ ሲለያዩ ሰነዱ ሞቷል ማለት ነው። ይህንንም ማወቅ አይከብድም። ሰነዱ የተሻሻለበት የመጨረሻ ቀን ከሁለት ወር በፊት ከሆነ፣ ፕሮግራመሩ ተመሳሳይ ጥያቄ ሁለቴ ከጠየቀ፣ ወይም ሠዓሊው የተሰረዘ ሰሌዳ ሲሥል ከተገኘ ችግሩ ሰነዱ ላይ ነው። በየሳምንቱ መጀመሪያ ሦስቱ ሰዎች አንዱን ገጽና የወሰኑን ሠንጠረዥ አብረው አንብበው የተለወጠውን እዚያው ማረም ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም።