ስድስት ጥያቄ የሚበቃው የቤት ሥራ

«መልመጃውን ከ1 እስከ 20 ሠርታችሁ ኑ።» ደወል ሲደወል በጥድፊያ የሚሰጥ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ብዙ ጊዜ የዕለቱን ትምህርት ዓላማ ይስታል። ጥሩ የቤት ሥራ የሚጀምረው ተማሪው ዛሬ ምን መቻል ነበረበት ከሚለው ጥያቄ ነው።

የ5ኛ ክፍል ሒሳብን እንውሰድ። የዕለቱ ዓላማ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው እንበል። እዚህ ላይ የታወቀው ስህተት ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 1/2 + 1/3 = 2/5 ማለት ነው። ስለዚህ የቤት ሥራው ይህን ስህተት ማውጣት አለበት። ለዚህ ስድስት ጥያቄ ይበቃል። ሁለቱ የጋራ ታህት ብቻ ያስፈልጋሉ፣ ሦስቱ ያስደምራሉ። ስድስተኛው «አንድ ተማሪ 2/5 ብሎ መለሰ፤ ትክክል ሊሆን የማይችለው ለምንድን ነው?» ይላል። 2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ደግሞ ከግማሽ ሊያንስ አይችልም። ትክክለኛው መልስ 5/6 ነው። ይህን በራሱ ቃል ያስረዳ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል።

መጠኑን በተመለከተ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር የሚጠቅሰው መመሪያ በክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ ይላል። ለ5ኛ ክፍል በቀን 50 ደቂቃ ማለት ነው፤ ያውም ለሁሉም የትምህርት ዓይነት በአንድነት። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ለሚቀዳና ከብት ለሚጠብቅ ልጅ ይህም ሊበዛ ይችላል። መምህሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያው ክፍል ውስጥ ቢያስጀምር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ማን መጀመር እንዳቃተው ያያል።

ግብረ መልሱ የሚታቀደው የቤት ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ነው። 60 ደብተር ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ይልቅ የአምስቱ መልስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ልጆቹ ራሳቸው ያርሙ፤ መምህሩ ስድስተኛውን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ይሰብስብ። ወረቀቶቹን በሦስት ይከፍላል፦ ምክንያቱን ያስረዱ፣ 5/6 አግኝተው ምክንያቱን ያልጻፉ፣ 2/5ን ትክክል ነው ያሉ። ለሦስተኛዎቹ እኩል የሆኑ የወረቀት ቁራጮችን አጥፎ ግማሽንና ሲሶን ያሳያቸዋል፤ ከዚያም አዲስ ጥያቄ፣ ለምሳሌ 1/2 + 1/4ን፣ ያሠራቸዋል። አሁንም 2/6 ካሉ ትምህርቱ በሌላ መንገድ ይደገም።

ብዙ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከታየ መኮራረጅ አለ። አብዛኛው ክፍል ስድስተኛውን ባዶ ከተወው ግን ችግሩ ከጥያቄው አጻጻፍ ወይም ከማስተማሩ ሊሆን ስለሚችል መምህሩ መጀመሪያ ያንን ይፈትሽ። ለዚህ ሥራ ማርክ ባይያዝ ይሻላል፤ ነጥብ የሚፈራ ልጅ ይኮርጃል፣ የተኮረጀ መልስ ደግሞ ነገ ምን እንደሚደገም ለመምህሩ አይነግረውም።