በምላስ ጠቅታ የሚገኝ ዘፈን

«አንዲት አፍሪካዊት ዘፋኝ ነች። ‹ቆንቆትዋኔ› የምትል ይመስለኛል፤ በመሃል ምላሷ ጠቅ ጠቅ ይላል።» ይህን ያህል ብቻ የሚያስታውስ ሰው ዘፈኑን ለማግኘት የሚበቃ ፍንጭ በእጁ አለ።

መጀመሪያ ከሰማቸው ድምፆች የትኞቹን ማመን እንዳለበት ይለይ። ጆሯችን የማያውቀውን ተነባቢ በሚያውቀው ይተካዋል። አማርኛ የምላስ ጠቅታን እንደ ፊደል ድምፅ ስለማይጠቀምበት፣ የእኛ ሰው «ቀ» ወይም «ከ» አድርጎ ይይዘዋል። አናባቢዎቹና የቀለማቱ ብዛት ግን ብዙ ጊዜ ሳይለወጡ ይቆያሉ። ስለዚህ «ቆ» አጠራጣሪ ነው፤ «ኦ፣ ኦ፣ አ፣ ኤ» የሚለው ቅደም ተከተል ግን ይያዝ። የቃሉ ቀለማት በአናባቢ መዝጋታቸው ወደ ባንቱ ቋንቋዎች ይጠቁማል። ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጃፓንኛም እንዲሁ ነው። ጠቅታው ሲጨመርበት ግን ፍለጋው ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በተለይ በኮሳና በዙሉ ቋንቋዎች ላይ ያርፋል።

ከዚያ ዘፋኟ ትምጣ። በጠቅታ ዘፈን በዓለም የታወቀችው ሚሪያም ማኬባ ነች፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው። መድረክ ላይ ይህን ዘፈን ከመጀመሯ በፊት ስለ ስሙ በእንግሊዝኛ የማስረዳት ልማድ ነበራት። ከዜማው በፊት ንግግር የሚያስታውስ ሰው ያንን እንደ ትርፍ ነገር አይጣለው፤ ዋና ማስረጃ ነው።

ድምፅዋን ማወቅ ግን ቋንቋውን ማወቅ አይደለም። ማኬባ «ማላይካ»ን የዘፈነችው በስዋሂሊ ነው። የጠቅታ ዘፈኗም አንድ ብቻ ስላልሆነ የጠቅታው ዓይነት ይለይ። በኮሳ አጻጻፍ q ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማ፣ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚመስል ጎላ ያለ ድምፅ ነው። x ደግሞ በጉንጭ በኩል ይወጣል። «ባሃቤኔ ኦሃሙ» ብለን ልንሰማው የምንችለው ሌላው ዘፈኗ Baxabene Oxamu በዚህ በጉንጩ ጠቅታ የተሞላ ነው። የእኛ ፈላጊ የሚያስታውሰው ጎላ ያለውን ከሆነ የሚፈልገው Qongqothwane ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ አልበሟ የወጣ፣ በስሙ ጥንዚዛን የሚያነሳ የኮሳ የሠርግ ዘፈን።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት በአጻጻፉ ነው። በጆሯቸው የሰሙትን በk ጽፈው ሲፈልጉ ዘፈኑን ሊያጡት ይችላሉ፤ k ጠቅታ አይደለምና። በq እና በth ይሞክሩ፣ ወይም በእንግሊዝኛ በወጣለት ስም The Click Song ብለው ይፈልጉ። ቅጂው ሲገኝ ስሙ መመሳሰሉ አይበቃም፤ የሚያስታውሱት ቀለም በዜማው ውስጥ በዚያው ቦታ መውደቁን ያዳምጡ። ዘፈኑን ሌሎችም ስለተጫወቱት፣ ቃሉ ገጥሞ ድምፁ ካልገጠመ ዘፈኑ ያው ሆኖ ዘፋኙ ሌላ ነው ማለት ነው።