ሹመትን በደብዳቤ መመለስ

የሆስፒታል ዳይሬክተር አንድን የቀዶ ሕክምና ሐኪም «ዲፓርትመንቱን ይምሩልን» ሲል፣ የተረኝነት ድልድል ማውጣት፣ የጎደለ ዕቃ መጠየቅና የታካሚ ቅሬታ መስማትም አብረው ይመጣሉ። ጊዜው የሚቀነሰው ከቀዶ ሕክምናው ነው።

እንበል ሐኪሙ በሳምንት 3 ቀን ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ደብዳቤው ስለተጣለበት እምነት አመስግኖ ወዲያው «ኃላፊነቱን መቀበል አልችልም» ይላል። ምክንያት አንድ ይበቃል፦ ኃላፊ ከሆነ ከ3ቱ ቀናት አንዱ ይታጠፋል፤ ወረፋ የሚጠብቁ ታካሚዎችም ይገፋሉ።

«ለጊዜው ይከብደኛል» የሚለው ለስላሳ ቃል ግን ያሳስታል። ዳይሬክተሩ ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል፤ ቦታውም በተጠባባቂ ይቆያል።

የባልደረባን ስም ሳያስፈቅዱ መጠቆም ነውር ነው። ሐኪሙ ይልቅ ራሱ የሚችለውን፣ ለምሳሌ አዲሱ ኃላፊ እስኪለምድ የተረኝነት ድልድሉን ማገዝን፣ ከነጊዜ ገደቡ ይጻፍ።