«ሰዓት ለበስኩ» የማንለው ለምንድን ነው?

በአማርኛ ልብስ ይለበሳል፤ ጫማ ይደረጋል፤ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ሰዓት ይታሰራል። «ሰዓት ለብሼ ወጣሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥመን ሐሳቡ ይገባናል፤ አፉን የፈታው በአማርኛ እንዳልሆነ ግን ወዲያው እናውቃለን። ሰዋስው አልፈረሰም፤ የፈረሰው ቃላቱ አብረው የመዋል ልማዳቸው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአራቱም «ዌር» በሚለው አንድ ግሥ ይጠቀማል።

ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ችግሩ ይገለበጣል። እኛ የቤት ሥራም ስህተትም «እንሠራለን»። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፦ «ዱ ሆምወርክ»፣ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»። ስለዚህ በ«ሀ» ሥር ግሦች፣ በ«ለ» ሥር ስሞች ተደርድረው «አዛምዱ» ሲባል፣ በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ «ሜክ ሆምወርክ» ብሎ ቢያገናኝ አይደንቅም። ውሳኔንም «ስለምናሳልፍ» «ፓስ ኤ ዲሲዥን» ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ነው።

መምህራን አንድ መላ ያስተምራሉ። የተሰጠን ተግባር ማከናወን ከሆነ «ዱ»፣ ቀድሞ ያልነበረ ነገር የሚገኝ ከሆነ «ሜክ» ይባላል። የቤት ሥራው ቀድሞ የተሰጠ ነው፤ ውሳኔውና ስህተቱ ግን በእኛ የሚፈጠሩ ናቸው። መላው እስከዚህ ይሠራል። አልጋ ማንጠፍ «ሜክ ዘ ቤድ» ሲባል ግን ይከሽፋል፤ አልጋው ከጠዋቱም እዚያው ነበርና። እንግሊዞች ራሳቸው «ቴክ ኤ ዲሲዥን» ማለታቸውም ልማዱ ከአገር አገር እንደሚለያይ ያሳያል።

የማዛመድ መልመጃው ራሱም እንከን አለው። ፍራንክ ቦርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ግሡን ከስሙ ነጥለው «አገናኙ» የሚሉ መልመጃዎች ያስገኙት ትምህርት ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። አንዳንድ ተማሪዎች እንዲያውም በመልመጃው ጊዜ የገመቱትን የተሳሳተ ጥምረት ይዘው ቀርተዋል። ሐረጉ ሳይነጠል ሙሉውን የሚያሠሩ መልመጃዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፦ አእምሮ አብረው ያያቸውን ሁለት ቃላት ያጣምራል፤ እርማቱ ኋላ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥምረት ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። የሁለቱ ረድፎች ቁጥር እኩል ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው መልስ ሳይታወቅም ይገኛል፤ የቀረው ከቀረው ጋር ይያያዛልና።

ስለዚህ መምህራን መልመጃውን አይጣሉት፤ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩት። ተማሪው አስቀድሞ ሐረጉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያንብብ፤ ማዛመዱ ያነበበውን ለማስታወስ ይሁን እንጂ ለመገመት አይሁን። በደብተሩም ላይ «ዲሲዥን፦ ውሳኔ» ብሎ ብቻ አይጻፍ። «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብሎ ከነግሡ ይጻፈው፤ ከሥሩም ስለራሱ ሕይወት እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት። እኛም ሰዓት እንደሚታሰር የተማርነው ከሰንጠረዥ አይደለም፤ «ሰዓትህን እሰር» ሲባል እየሰማን ነው።