የዲስክ መጻፍ ስህተት

የዲስክ መጻፍ ስህተት ኮምፒውተር በዲስክ ላይ መረጃ ለማስቀመጥ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር የሚያሳየው መልዕክት ነው። ትልልቅ ጌሞች ሲጫኑ መሃል ላይ ያጋጥማል።

በዊንዶውስ ብዙ የመጫኛ ፕሮግራሞች የታመቀውን ፋይል መጀመሪያ የሚፈቱት በጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር (%TEMP%) ውስጥ ነው፤ ይህ ማኅደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ C: ላይ ይገኛል። ስለዚህ 40 ጊጋባይት የሚፈልግ ጌም 100 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ባለው D: ላይ ሲጫን፣ C: ላይ የቀረው 5 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ሥራው ሊቋረጥ ይችላል። ምክንያቱን ለማወቅ የC: ክፍት ቦታ ጌሙ እየተጫነ ሳለ መታየት አለበት። ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ከቆመ በኋላ ማየት ያሳስታል። መፍትሔው C:ን ማጽዳት ወይም TEMP እና TMP የተባሉትን የዊንዶውስ ቅንብሮች ወደ D: ማዞር ነው።

C: በቂ ቦታ እያለው ስህተቱ ከተደጋገመ በD: ላይ የተበላሸ ሴክተር መኖሩ ይጠረጠራል። ሴክተር መረጃ የሚጻፍበት የዲስክ ትንሹ ክፍል ሲሆን 512 ወይም 4096 ባይት ይይዛል። ዲስኩ የተበላሸውን ሴክተር በመጠባበቂያ ሴክተር ራሱ ይተካል፤ ስህተቱ ተጠቃሚው ዘንድ ከደረሰ ግን መጠባበቂያው እያለቀ ሊሆን ይችላል። ለምርመራ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ይህ ትእዛዝ ይሰጣል፦

```
chkdsk D: /r
```

ትእዛዙ መላውን ዲስክ ስለሚያነብ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለደከመ ዲስክ ከባድ ሸክም ስለሆነም አስፈላጊ ፋይሎች አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣሉ። በውጤቱ "KB in bad sectors" ከሚለው በፊት ያለው ቁጥር ከ0 ከበለጠ ጉዳት አለ፤ በቀጣዩ ምርመራ ከጨመረ ደግሞ ዲስኩ መቀየር አለበት። ዲስኩ በድብቅ የተካቸው ሴክተሮች በዚህ ቁጥር ስለማይታዩ 0 መሆኑ ብቻ ጤነኛ ነው አያሰኝም።