አምስተኛው ቃል ሲጎድል

እስቲ ይህችን አጭር ጽሑፍ ያንብቡና ባዶ ቦታዎቹን ይሙሉ።

«ወይዘሮ አልማዝ ጎረቤቶቻቸውን ቡና ጠሩ። ከሰሉን አቀጣጥለው ቡናውን ቆልተው (1) ____። ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ስኒዎቹን (2) ____ ረከቦቱ ላይ ደረደሩ። ጎረቤቶቹ (3) ____ ሰዓቱ ቢያልፍም አልመጡም። ወይዘሮ (4) ____ ተጨንቀው ልጃቸውን ወደ ጎረቤት (5) ____።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልተነካም፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ አምስተኛ ቃል ወጥቷል። የትኛው ቃል ይውጣ ብሎ የመረጠ የለም፤ ቆጠራው ነው የመረጠው። ይህ ዘዴ ክሎዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያስተዋወቀው ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። የቴይለር ዓላማ ተማሪን መፈተን ሳይሆን ጽሑፍን መመዘን ነበር። በጊዜው የጽሑፍ ክብደት የሚለካው በቀመር ነበር፤ የዓረፍተ ነገር ርዝመትና የቃላት ክብደት ይቆጠርና ውጤቱ ይወጣል። ቴይለር የደራሲዋን ገርትሩድ ስታይንን ጽሑፍ ጭምር ፈተነ። ቃሎቿ ተራና አጫጭር ስለሆኑ ቀመሮቹ «ቀላል ነው» አሉ፤ አንባቢዎች ግን የጎደለውን ቃል መሙላት ተቸገሩ። አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ካልቻለ፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆኑ ጽሑፉ ከባድ ነው።

ወደ ወይዘሮ አልማዝ እንመለስ። አራተኛውን ክፍት ቦታ ለመሙላት ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መመለስ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ግን ወደ ፊት ያስኬዳል፦ «አልመጡም» የሚለው ላይ ካልደረሱ «ግን» ትዝ አይልም። አንደኛው ላይ «ወቀጡት» ነበር የተጻፈው፤ ወፍጮ የለመደ ሰው «ፈጩት» ቢል የሚደንቅ አይደለም። አምስተኛው «ላኩት» ነበር፤ ልጃቸው ሴት ናት ብሎ ያሰበ «ላኳት» ይላል። «ላከችው» የሚል አንባቢ ግን አይኖርም ማለት ይቻላል፣ «ወይዘሮ» እና «ተጨንቀው» አንቱታውን አስቀድመው ወስነውታልና። ቃሉን ሳናውቀው ቅርጹን እናውቀዋለን።

የአንባቢን ግምት ከዚህ በላይ በቅርብ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ማርታ ኩታስ እና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው በአንድ ዓይነት ቃል እንደሚጨርሰው በክሎዝ ለኩ፤ ከዚያም ቃሉን በሚያነቡ ሰዎች ጭንቅላት ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገቡ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ቃል ሲመጣ፣ ቃሉ ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚነሳው ሞገድ አነስተኛ ነበር፤ ያልተጠበቀ ቃል ሲሆን ጎላ። የዓይን እንቅስቃሴ ጥናቶችም እንዲሁ ያሳያሉ፦ ተጠባቂ ቃል ላይ ዓይን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘለዋል።

«ጎበዝ አንባቢ ማለት ጎበዝ ገማች ነው» የሚል አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኬኔዝ ጉድማን በተባለ አሜሪካዊ ምሁር ተስፋፍቶ ነበር፤ ልጆችም ፊደሉን ከመለየት ይልቅ ከዐውዱ እንዲገምቱ ተበረታቱ። ይህ ስህተት ነው። ኪት ስታኖቪች እና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ቃሉን ለመለየት በግምት ላይ አብዝቶ የሚደገፈው ደካማው አንባቢ ነው፤ ጎበዙ ፊደሉን በፍጥነት ስለሚያነብ ግምት አያስፈልገውም። ክሎዝ ራሱም ይህን ይደግፋል፦ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኞቹ ፍሬ ቃላት በትክክል የሚገመቱ አይደሉም። የሚገመተው የቃሉ ዓይነትና ቅርጽ ነው።

ለአማርኛ መምህራን ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የተለመደው አስተራረም የሚቀበለው ዋናውን ቃል ብቻ ነው፤ ጆን ቦርሙዝ ባጠናው መሠረትም ከ44 በመቶ በታች ያገኘ ተማሪ ጽሑፉ ከብዶታል ይባላል። ከላይ ባለው ጽሑፍ ላይ «ፈጩት፣ አውጥተው፣ ግን፣ አልማዝ፣ ላኳት» ብሎ የሞላ ተማሪ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ተረድቷል። በዋናው ቃል ብቻ ሲታረም ግን ከአምስት ሁለት፣ ማለትም 40 በመቶ አግኝቶ ይወድቃል። አንድ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በውስጡ ይዞ ስለሚወጣ፣ አንድ ቃል ማውጣት በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል ከማውጣት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ክሎዝ ስታዘጋጁ አምስት ክፍት ቦታ አይበቃም፣ ወደ ሃምሳ አድርሱት፤ የ44 በመቶውን መስመር እንዳለ አትውሰዱ፤ ትርጉሙንና ሰዋስዉን የጠበቀ መልስም ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።